ጣሪያው በፖሊጎናል ላሶ፣ አንቴናው ለብቻው፦ ሰማይን ከሕንፃ ጀርባ ማንሳት

ነጭ ግድግዳ ያለው ሕንፃ አስቡ፤ ከጀርባው ነጭ ደመና። ፎቶሾፕ ውስጥ ማጂክ ዋንድ ይዛችሁ ደመናውን ስትነኩ ግማሹ ግድግዳ አብሮ ይሄዳል። መቻቻሉን፣ ማለትም Tolerance የሚለውን ቁጥር፣ ስትቀንሱት ደግሞ ሰማዩ ወንፊት ይመስላል። መስኮቶቹም ሰማዩን ስለሚያንጸባርቁ አብረው ይበሳሉ። መሣሪያው የሚያየው ቀለም ብቻ ነውና አይፈረድበትም።

ፖሊጎናል ላሶ ቀለም አያይም። ከነጥብ ወደ ነጥብ ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል፤ ሥራው ይኼው ነው። የጣሪያ ጠርዝም ቀጥ ያለ መስመር ነው። ሁለቱ የተፈጠሩት አንዱ ለሌላው ነው ማለት ይቻላል።

ችግር የሚመጣው ከጣሪያው በላይ ነው። መጀመሪያ ይህን ሥራ ስሞክር ሁሉንም በአንድ ዙር ለመጨረስ ፈለግሁ። የጣሪያውን ጠርዝ እየተከተልኩ ሄድኩ፤ አንቴናው ጋ ስደርስ በአንዱ ጎኑ ወጣሁ፣ በሌላው ጎኑ ወረድኩ። ቀጣዩም እንደዚያው። መቶ ምናምን ክሊክ ካደረግሁ በኋላ አንዱ ቀጭን ዘንግ ጫፍ ላይ ሁለት ነጥብ ተቀራርቦና ተፋጥኖ ወደቀ። ፎቶሾፕ ድርብ ክሊክ ነው ብሎ ወሰደውና ሴሌክሽኑን ዘጋው። መስመሩ ካለሁበት ተነስቶ ሕንፃውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ መጀመሪያው ነጥብ ላይ አረፈ። የግማሽ ሰዓት ሥራ ውኃ በላው።

ከዚያ ወዲህ የምሠራው ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ዙር አንቴና የሚባል ነገር እንደሌለ ቆጥሬ ጣሪያውን ብቻ እቆርጣለሁ፤ አንቴናዎቹ ከሥራቸው ተገንድሰው ከሰማዩ ጋር ይጠፋሉ። በሁለተኛው ዙር አንድ በአንድ እመልሳቸዋለሁ። ይህ መመሪያ የሚሄደው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። ቅደም ተከተሉ ለምን እንደማይገለበጥም እግረ መንገዳችንን እናየዋለን።

ለምሳሌ የምንይዘው ፎቶ ስፋቱ 6000 ከፍታው 4000 ፒክሰል ነው። ጣሪያው ጠፍጣፋ የሆነ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ። ጣሪያው ላይ የደረጃው ክፍል ወጣ ብሎ ይታያል፤ የእሱ ክዳን ዘንበል ያለ ነው። አንቴናዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ከታች 9 ፒክሰል፣ ከጫፉ 5 ፒክሰል የሚወፍር ረጅም ምሰሶ። ሌላው ብዙ አግዳሚ ዘንግ ያለው የቴሌቪዥን አንቴና፤ ዘንጎቹ 3 ፒክሰል ያህል ናቸው። ምሰሶውን የሚወጥር አንድ ቀጭን ሽቦም አለ።

ከመቁረጥ በፊት

ፎቶውን ስትከፍቱ Background የሚል የተቆለፈ ሌየር ሆኖ ይመጣል። የተቆለፈ ባክግራውንድ ግልጽ ቦታ ሊኖረው አይችልም። ስለዚህ ሌየሩን ድርብ ክሊክ አድርጉና OK በሉ፤ Layer 0 ይሆናል።

ቀጥሎ ከ Layer > New Fill Layer > Solid Color አንድ የቀለም ሌየር ፍጠሩና ከፎቶው ሥር አስገቡት። ቀለሙ ፎቶው ውስጥ የሌለ ይሁን፤ እኔ ደማቅ ሮዝ እጠቀማለሁ። ያስጠላል፤ ጥቅሙም እሱ ነው። በተለመደው ነጭና ግራጫ ካሬ ጀርባ ላይ የተረፈች የሰማይ ቁራጭ አትታይም። ሮዝ ላይ ግን ከሩቅ ትጮኻለች።

አሁን ጣሪያው በእርግጥ ቀጥ ያለ መሆኑን እናረጋግጥ። በዓይን ቀጥ ያለ ይመስላል፤ ሰፊ ሌንስ ግን በፍሬሙ የላይኛው ጫፍ በኩል ያለ መስመርን መሃሉን ወደ ላይ ያጎብጠዋል። ለመፈተሽ ራሱን ላሶውን ተጠቀሙ። የጣሪያው ግራ ጫፍ ላይ አንድ ጊዜ ክሊክ አድርጉና ማውሱን እስከ ቀኝ ጫፍ ውሰዱ፤ ክሊክ ግን አታድርጉ። መስመሩ እንደ ክር ተወጥሮ ይከተላችኋል። መሃሉ ላይ ጣሪያው ከክሩ በላይ ወጣ ብሎ ከታየ ጎብጧል ማለት ነው። አይታችሁ Esc ተጫኑ፤ ክሩ ይጠፋል።

በእኛ ፎቶ ጣሪያው 4000 ፒክሰል ይረዝማል፤ መሃሉ ላይ 12 ፒክሰል ጎብጧል። በሁለት ጫፍ ነጥብ ብቻ ብንቆርጠው መሃሉ ላይ 12 ፒክሰል የጣሪያ ጠርዝ ይበላል። መፍትሔው ሁለት ነው። የመጀመሪያው Filter > Lens Correction ገብቶ ጉብጠቱን ማቅናት ነው። ይህ ከመቁረጥ በፊት መሆን አለበት፤ ሰማዩን የሚደብቀው ማስክ ከተሠራ በኋላ ፎቶውን ብቻ ብታቀኑት ጠርዙ ከማስኩ ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው ፎቶውን እንዳለ ትቶ ነጥብ መጨመር ነው። እዚህ ላይ ደስ የሚል ሒሳብ አለ። ጎባጣ መስመርን እኩል በሆኑ ቀጥ ያሉ ቁራጮች ስትከፋፍሉ ስሕተቱ በቁራጮቹ ብዛት ስኩዌር ልክ ይቀንሳል። በሁለት ብትከፍሉት 12 ለ4 ተካፍሎ 3 ፒክሰል ይቀራል። በአራት ብትከፍሉት 12 ለ16 ይካፈላል፤ ከአንድ ፒክሰል በታች ነው። ስለዚህ ለዚህ ሁሉ ርዝመት መሃል ላይ የሚያስፈልጉት ተጨማሪ ነጥቦች ሦስት ብቻ ናቸው። በየሃምሳ ፒክሰሉ ክሊክ የሚያደርግ ሰው አውቃለሁ። ድካሙ አልበቃ ብሎ ጣሪያው መጋዝ ይመስላል፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ክሊክ በእጅ መንቀጥቀጥ አንድ ፒክሰል ወዲህ ወይም ወዲያ ይላል። ረጅም መስመር ላይ ነጥብ ሲያንስ ጠርዙ ይጠራል።

ላሶውን ማዘጋጀት

ኪቦርዱ ላይ L ስትጫኑ የላሶ ቤተሰብ ይመጣል። ፖሊጎናሉ እስኪወጣ Shift እና L ን አብራችሁ ደጋግሙ። ከዚያ ከላይ ያለውን የአማራጭ መስመር ሳታዩ አትጀምሩ።

Feather ዜሮ መሆን አለበት። ይህ ቁጥር ባለፈው የተውነውን አይረሳም። ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሥራ 20 አድርጋችሁት ከነበረ ዛሬም 20 ነው። ስትቆርጡ ምንም አይታይም፤ የሴሌክሽኑ መስመር ማዕዘኖቹ ላይ ከብለል ማለቱ ብቻ ያሳብቃል። ውጤቱ ግን ጣሪያው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

Anti-alias ደግሞ ምልክቱ ይኑርበት። ለምን? ፎቶ ላይ ያለ ጣሪያ ልክ አግዳሚ ሆኖ አያውቅም። በ1000 ፒክሰል ርዝመት 10 ፒክሰል ዝቅ የሚል ጠርዝ በየ100 ፒክሰሉ አንድ ደረጃ ይሠራል። Anti-alias ከሌለ እነዚህ ደረጃዎች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ካለ ግን በደረጃዎቹ መካከል ከፊል ግልጽ የሆኑ ፒክሰሎች ገብተው ያለሰልሱታል።

ቀጥሎ ለጣሪያው ዙሙን 200 በመቶ አድርጉ። ከዚያ በላይ ስትጠጉ ጠርዙ ራሱ ወደ ካሬዎች ይበተንና መስመሩ የት እንደሆነ መለየት ያቅታል። F ን አንድ ጊዜ ብትጫኑ ፎቶው ሙሉ ስክሪን ይይዛል፤ ከፎቶው ውጪ ባለው ግራጫ ቦታ ላይም ክሊክ ማድረግ ይመቻል። Caps Lock ሲበራ የላሶው ሥዕል ወደ ቀጭን የመስቀል ምልክት ይቀየራል። ነጥቡ የት እንደሚያርፍ በትክክል የምታዩት ያኔ ነው። ስትጨርሱ ማጥፋቱን እንዳትረሱ፤ አለዚያ በኋላ ብሩሹ ለምን ክብነቱ ጠፋ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

የመጀመሪያው ዙር፦ ጣሪያው

መነሻችን ከፎቶው ውጪ በግራ በኩል ነው፤ የጣሪያው መስመር ከፍሬሙ ከሚወጣበት ወይም ግድግዳው ከሚጀምርበት ትይዩ። ከዚያ ወደ ጣሪያው የመጀመሪያ ማዕዘን እንሄዳለን።

መስመሩ በትክክል የት ይረፍ? ጠርዙን በ200 በመቶ ስታዩት ሕንፃው በአንድ ፒክሰል አልቆ በሚቀጥለው ሰማይ አይጀምርም። በመካከል ሁለት ወይም ሦስት ፒክሰል የተቀላቀለ ቀለም አለ። ጨለም ያለ ጣሪያ ከሆነ ደግሞ ካሜራው ምስሉን ሲያሾል ከጠርዙ ውጪ ቀጭን ነጭ ክር ይጨምርበታል። መስመሩን ቅልቅሉ አልቆ የሕንፃው ቀለም ሙሉ በሚሆንበት ላይ አሳርፉት፤ ማለትም ወደ ሕንፃው አንድ ፒክሰል ገባ ብሎ። አንድ ፒክሰል ጣሪያ ቢቀነስ ማንም አያውቅም። አንድ ፒክሰል ሰማይ ቢተርፍ ግን አዲሱ ጀርባ ላይ ሁሉም ያየዋል።

እያንዳንዱን ነጥብ ከመጫናችሁ በፊት የተወጠረውን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመልከቱት። ዓይናችን ማውሱ ጫፍ ላይ ብቻ ማተኮር ይወዳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ነው። ክሩ በሙሉ ርዝመቱ ጠርዙ ላይ ሲተኛ ብቻ ክሊክ አድርጉ። ከተሳሳታችሁ Delete ወይም Backspace የመጨረሻውን ነጥብ ያነሳል፤ ደጋግማችሁ ብትጫኑ ወደ ኋላ እየነቀለ ይሄዳል። Esc ግን እንዳትነኩ፤ እሱ ሁሉንም ነው የሚያጠፋው።

በመንገድ ላይ ፎቶውን ማንቀሳቀስ ሲያስፈልግ Space ን ይዛችሁ ጎትቱት። ላሶው ሳይቋረጥ ይጠብቃችኋል።

Shift ን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። መስመር እየሳባችሁ Shift ከያዛችሁ ክሩ አግዳሚ፣ ቋሚ ወይም 45 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ለሕንፃ የሚመች ይመስላል፤ ግን አይመችም። ካሜራው ከታች ወደ ላይ ስላየ ግድግዳዎቹ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፣ ጣሪያውም ወደ አንድ ጎን ዝቅ ይላል። አንድ ዲግሪ ያዘነበለ ጣሪያ በ4000 ፒክሰል ርዝመት 70 ፒክሰል ያህል ይስታል። ይልቅ ዓይናችሁን እመኑ።

በእኛ ፎቶ የጠፍጣፋው ጣሪያ ግራ ማዕዘን አንድ ነጥብ፤ ጉብጠቱን የሚከተሉት ሦስቱ የመሃል ነጥቦች፤ መሃሉ ላይ የደረጃው ክፍል ሲደርስ ወደ ላይ ለመውጣት አንድ፣ ለዘንበል ያለው ክዳን ሁለት፣ ለመውረድ አንድ፤ በመጨረሻም ቀኝ ማዕዘኑ። የክዳኑ አፍ ከግድግዳው ትንሽ ወጣ የሚል ከሆነ እዚያች ላይ ሁለት ተጨማሪ ነጥብ አትንፈጉ። ሰው ሳይታወቀው ሕንፃውን የሚለየው በእንደዚህ ያሉ ትንንሽ ጥጎች ነው። ጠቅላላው ከ15 አይበልጥም።

የአንቴናዎቹ ሥር ጋ ስትደርሱ በቀጥታ እለፉ። አትቁሙ። መስመሩ ምሰሶውን ይቆርጠዋል፤ ይቁረጠው።

ቀኝ ጫፍ ከደረሳችሁ በኋላ ከፎቶው ውጪ ውጡ፣ በላይኛው ቀኝ ጥግ ከፍሬሙ ውጪ አንድ ነጥብ፣ በላይኛው ግራ ጥግ ሌላ ነጥብ አድርጉና ወደ መነሻው ተመለሱ። የማውሱ አጠገብ ትንሽ ክብ ስትታይ ክሊክ አድርጉ፤ ተዘጋ። ከፎቶው ውጪ ያለው ትርፍ በራሱ ይቆረጣል።

አሁን Delete ለመጫን እጃችሁ ይበላችሁ ይሆናል። ተውት። የተሰረዘ ሰማይ ውስጥ አንቴናዎቻችን አሉ። ይልቅ ሴሌክሽኑ እንደበራ Layer 0 ን ምረጡና Alt ን ይዛችሁ ከሌየሮቹ ሥር ያለውን የማስክ ምልክት ተጫኑ። ማክ ላይ Alt ማለት Option ነው። Alt ሲያዝ ማስኩ የተመረጠውን ይደብቃል፤ ሰማዩ ይጠፋል፣ ሕንፃው ሮዝ ላይ ብቻውን ይቆማል። ፎቶው ውስጥ ግን ምንም አልተሰረዘም።

ቀጭኑን ክር ማጥፋት

በ100 በመቶ ዙም ጣሪያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አጢኑ። ሮዙና ጣሪያው መካከል ፈዛዛ ክር ካለ መስመሩ በቂ ያህል አልገባም። በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ያችን ቦታ ብቻ በላሶ ከባችሁ ማስኩን በጥቁር ሙሉት። በሁሉም ቦታ ከሆነ ግን ማስኩን ክሊክ አድርጋችሁ Filter > Other > Minimum ግቡና 1 ፒክሰል ስጡት። ይህ ማስኩ ላይ ያለውን ነጭ በዙሪያው አንድ ፒክሰል ያጠበዋል።

ቅደም ተከተሉ እዚህ ላይ ነው የሚለየው። Minimum ጣሪያና አንቴና አይለይም። ከሁለቱም ጎን አንድ አንድ ፒክሰል ሲወስድ ለጣሪያው ምንም አይደለም፤ 3 ፒክሰል የነበረ ዘንግ ግን 1 ይቀረዋል፣ 2 የነበረው ፈጽሞ ይጠፋል። Select > Modify > Contract የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ስለዚህ ማጥበብ ካለ አሁን፣ አንቴናዎቹ ከመመለሳቸው በፊት ይለቅ። ከእንግዲህ ማስኩን በሙሉ የሚነካ ምንም ነገር አናደርግም።

ሁለተኛው ዙር፦ አንቴናዎቹ

ተደብቀው ሳሉ የት እንዳሉ እንዴት እናውቃለን? ማስኩ ተመርጦ ሳለ \ ን ተጫኑ። የተደበቀው ክፍል በቀይ መጋረጃ ተሸፍኖ ይታያል፤ አንቴናዎቹ ከቀዩ ሥር አሉ። ደግማችሁ ስትጫኑ መጋረጃው ይነሳል።

ከመንካታችሁ በፊት በሌየሩ ላይ ካሉት ሁለት ትንንሽ ሥዕሎች ፍሬም ያለው ማስኩ መሆኑን እዩ። ፎቶው ከሆነ ነጩን ቀለም የምትቀቡት ሕንፃው ላይ ነው። እኔ ይህን ስሕተት እስከ ዛሬ በወር አንድ ጊዜ እሠራዋለሁ።

ከወፍራሙ ምሰሶ እንጀምር። 9 ፒክሰል ለላሶ በቂ ነው። ዙሙን 300 በመቶ አድርጉ፤ ከሥሩ ሁለት ነጥብ፣ ከጫፉ ሁለት ነጥብ፣ በቃ። የታችኞቹ ነጥቦች ከጣሪያው መስመር ትንሽ ዝቅ ብለው ሕንፃው ውስጥ ይግቡ፤ አለዚያ ምሰሶው ከጣሪያው በፀጉር ታህል ክፍተት ተለይቶ አየር ላይ ይንሳፈፋል። የላይኛው ጫፍ እየጠበበ መሄዱን አትርሱ፤ 9 ጀምሮ 9 የሚጨርስ ምሰሶ ቧንቧ ይመስላል። እዚህም ወደ ውስጥ ገባ በሉ፤ ግን ግማሽ ፒክሰል ያህል ብቻ፤ ምሰሶው እንደ ጣሪያው ብዙ የሚሰጠው የለውም። ከዚያ የፊት ቀለሙን ነጭ አድርጋችሁ Alt እና Backspace ን አብራችሁ ተጫኑ። ምሰሶው ተመለሰ። Ctrl እና D ሴሌክሽኑን ያነሳል።

ቀጣዩን ክፍል በሴሌክሽኑ ላይ መጨመር ከፈለጋችሁ ከላይ ያለውን Add to selection ምልክት ተጫኑ እንጂ Shift አትያዙ። Shift ይዛችሁ ጀምራችሁ ካልለቀቃችሁት ያ የ45 ዲግሪ ነገር ተመልሶ ይይዛችኋል።

የቴሌቪዥን አንቴናው ዘንጎች ጋ ስንደርስ ላሶውን እናስቀምጠዋለን። 3 ፒክሰል የሚወፍር ዘንግ ላይ የአንድ ፒክሰል ስሕተት የዘንጉ ሲሶ ነው። በሁለት ጎን መስመር ስታሰምሩ ሁለቱ ስሕተቶች ይደመራሉ፤ ዘንጉ አንድ ቦታ ወፍሮ ሌላ ቦታ ይበጠሳል። ነጠላ መስመር የሚስብ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ እሱም ብሩሽ ነው።

B ተጫኑ፤ መጠኑ 3 ፒክሰል፣ Hardness 100፣ ቀለሙ ነጭ። የዘንጉ አንድ ጫፍ ላይ አንድ ክሊክ አድርጉ። ከዚያ Shift ን ይዛችሁ ሌላኛው ጫፍ ላይ ክሊክ አድርጉ። ብሩሹ በሁለቱ መካከል ቀጥ ያለ መስመር ይስባል። በቁም ነገር ካያችሁት ይህ ራሱ ፖሊጎናል ላሶ ነው፤ ውፍረቱ አስቀድሞ የተወሰነለት ብቻ። እዚህ Shift 45 ዲግሪ አያስገድድም፤ በፈለጋችሁት አቅጣጫ ይሄዳል። አንድ ዘንግ ሁለት ክሊክ ነው። አሥር ዘንግ ሃያ። ወደ ቀጣዩ ዘንግ ስትሻገሩ የመጀመሪያውን ክሊክ ያለ Shift አድርጉት፤ አለዚያ ከቀድሞው ዘንግ ጫፍ ተነስቶ ያልተፈለገ አግድም መስመር ይስባል።

የብሩሹን መጠን ስትመርጡ የዘንጉን ብዥታ አትቁጠሩ። ዙም ስታደርጉ 5 ፒክሰል የሚመስል ዘንግ መሃሉ ላይ ጥቁር የሆነው 2 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ከሰማይ ጋር የተቀላቀለ ነው። ጥቁሩን ቁጠሩና አንድ ጨምሩ።

ወጣሪው ሽቦ በራሱ ክብደት ትንሽ ረገብ ይላል፤ ቀጥ ያለ አይደለም። የጣሪያው ሒሳብ እዚህም ይሠራል፤ በአራት Shift ክሊክ ብትከፋፍሉት መርገቡ ይያዛል። ብሩሹን 1 ወይም 2 ፒክሰል አድርጉት። ሽቦው ከምሰሶው ይልቅ ጎልቶ ከወጣ የቀባችሁትን በ Undo መልሱና Opacity ን ወደ 60 ዝቅ አድርጋችሁ ደግሙት። በፎቶው ውስጥም ሽቦው ሙሉ ጥቁር አልነበረም።

ዘንጎቹ ሰማያዊ ሲሆኑ

አሁን \ ተጫኑና መጋረጃውን አንሱ። አንቴናው ተመልሷል፤ ግን ቀረብ ስትሉ ዘንጎቹ ዳርና ዳር ሰማያዊ ናቸው። ጥፋቱ የቅርጽ አይደለም። እነዚያ ፒክሰሎች ካሜራው ውስጥ ሳሉ ጀምሮ ግማሽ ዘንግ ግማሽ ሰማይ ናቸው። ማስኩን ብታጠቡት ዘንጉ ይጠፋል። መለወጥ ያለበት ቀለሙ ነው።

ከፎቶው በላይ አዲስ ባዶ ሌየር ክፈቱ። Ctrl፣ Alt እና G ን አብራችሁ ተጫኑ፤ ሌየሩ ከሥሩ ባለው ፎቶ ቅርጽ ይታሰራል፣ ከአንቴናው ውጪ አይፈስም። የብሌንድ ሞዱን Darken አድርጉት። ከዚያ ብሩሹን ይዛችሁ Alt ን በመጫን ከወፍራሙ ምሰሶ ጥቁር ቀለም ቅዱና ዘንጎቹ ላይ ሰፋ ባለ ብሩሽ እለፉ። Darken የሚነካው ከቀዳችሁት ቀለም የፈካውን ብቻ ነው፤ ሰማያዊው ይጠቁራል፣ የዘንጉ መሃል እንዳለ ይቆያል። ወደ ጣሪያው አትውረዱ እንጂ ሌላ ጥንቃቄ አይፈልግም።

ይህ የሚሠራው ከሰማዩ ለጠቆረ አንቴና ነው። ፀሐይ መትታው የሚያበራ ብረት ከሆነ ሞዱን Lighten አድርጉና የሚቀዳውን ቀለም ከብሩህ ክፍሉ ውሰዱ።

አንድ አቋራጭም አለ። አዲሱን ሰማይ የምታስገቡት እዚያው ፋይል ውስጥ ከሆነና አንቴናው ከአዲሱም ከአሮጌውም ሰማይ የጠቆረ ከሆነ ዘንጎቹን መቀባት ላያስፈልግ ይችላል። ያልተቆረጠውን ፎቶ ኮፒ አድርጋችሁ በአንቴናው ዙሪያ ያለውን ክፍል ብቻ አስቀሩ፤ በ Levels ሰማዩ ፍጹም ነጭ እስኪሆን ግፉት፤ ከዚያ ሞዱን Multiply አድርጉት። Multiply ላይ ነጭ አይታይም፤ ዘንጎቹ ግን ከነሽቦው ቁጭ ይላሉ። ደመናው አንድ ወጥ ያልሆነ ፎቶ ላይ ግን Levels ደመናውን ነጭ ሲያደርግ ቀጫጭኑን ሽቦም አብሮ ይበላል። ግልጽ ጀርባ ያለው PNG ለሚያስረክብ ሰውም አይሆንም፤ Multiply ከሥሩ የሚባዛበት ሥዕል ይፈልጋል።

ከማስረከብ በፊት

ሮዙን ሌየር ወደ ጥቁር ቀይሩና እዩት፤ ከዚያ ወደ ነጭ። ጥቁሩ ላይ የቀረ ነጭ ክር ይታያል። ነጩ ላይ ደግሞ የተበጠሰ ዘንግና ከመጠን በላይ የወፈረ ሽቦ ይታያል። ሁለቱንም ያለፈ ሥራ በየትኛውም ሰማይ ላይ ይቆማል። ስታስቀምጡ JPEG ግልጽ ቦታ አይዝም፤ ለግልጽ ጀርባ PNG ምረጡ፣ ማስኩን ለማቆየት ደግሞ PSD ውን አትጣሉ።

ደግሞም ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ፎቶው በስንት መጠን እንደሚወጣ ጠይቁ። የእኛ 6000 ፒክሰል ፎቶ ለድረ ገጽ ወደ 1200 ቢወርድ ሁሉም ነገር በአምስት ይካፈላል። 9 ፒክሰል የነበረው ምሰሶ ወደ 2 ይጠጋል፤ ይታያል። 3 የነበሩት ዘንጎች ግማሽ ፒክሰል ያህል ናቸው፤ ፈዘዝ ብለው ይቀራሉ። የ1 ፒክሰሏ ሽቦ የፒክሰል አምስተኛ ትሆናለች። ለእሷ ያጠፋችሁትን ሩብ ሰዓት የሚያይላችሁ አይኖርም፤ እኔ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሽቦዋን ከሰማዩ ጋር እሸኛታለሁ።